የሶኬት ዓይነትን ከፎቶ መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለምሠራ በየሳምንቱ የሶኬት ፎቶ በቴሌግራም ይላክልኛል። ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ አስቀምጫለሁ።

የሶኬት ፎቶ ሳይ መጀመሪያ ምኑን ልመልከት?

ብዙ ሰው ቀዳዳ ይቆጥራል። ቀዳዳ መቁጠር ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የግራውንዱን ቦታ ነው። ግራውንድ ማለት እቃው ውስጥ ብልሽት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ በእኛ ሰውነት ሳይሆን በሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ የሚያደርገው መስመር ነው። የየአገሩ ሶኬት ዋና ልዩነት ያለው ይህ መስመር የሚነካካበት ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ ፎቶውን ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ግራውንዱ የት ነው? እግሮቹ ክብ ናቸው ወይስ ጠፍጣፋ? የሶኬቱ ፊት ወደ ውስጥ የገባ ጎድጓዳ ነው ወይስ ልሙጥ? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አብዛኛው ፎቶ ይፈታል።

አንድ የቃል ነገር ላስቀድም። እኛ ሁለቱንም ሶኬት እንላቸዋለን። እዚህ ግን እንዳንደናገር ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ደግሞ ወንዴ እላለሁ።

ጅማ ውስጥ በብዛት ያለው የትኛው ነው?

ኤፍ የሚባለው ነው። ሹኮም ይሉታል። ክብ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ደግሞ ትይዩ ሆነው ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ብቅ ይላሉ። ግራውንዱ እነዚህ ብረቶች ናቸው። ወንዴው ሲገባ ጎኖቹ ላይ ያሉት ብረቶች መጀመሪያ እነዚህን ይነካሉ፤ እግሮቹ ኤሌክትሪኩን የሚያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። መለያየት ሲመጣ ደግሞ ግራውንዱ መጨረሻ ላይ ይለቃል።

ከኤፍ ቀጥሎ የምናየው ሲ ነው። ሲ ግራውንድ የለውም። ሁለት ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ፊቱም ብዙ ጊዜ ልሙጥ ነው። የቆዩ ቤቶች ውስጥና ርካሽ ዲቫይደሮች ላይ ይገኛል።

ኤ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉት ፊደሎች ከየት መጡ?

የአሜሪካ የንግድ መሥሪያ ቤት ላኪ ነጋዴዎች የየአገሩን ሶኬት እንዲያውቁ ባወጣው ዝርዝር ላይ የሰጣቸው መጠሪያ ነው። በኋላ ዓለም ሁሉ ለመደው። ፊደል እንጂ ደረጃ አይደለም፤ ጂ ከኤፍ ይሻላል ወይም ያንሳል ማለት አይደለም። አንዱ ፊደል ሥር መጠናቸው የሚለያይ ሁለት ወንዴዎች ሊገኙም ይችላሉ። ከዚህ በታች የማነሣው ኤል እንደዚያ ነው።

ፎቶውን እንዴት ባነሳ ነው በትክክል የሚለየው?

ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሱ። ከጎን ወይም ከላይ የተነሳ ፎቶ ክቡን ሞላላ ያስመስለዋል፤ ርቀቱንም ያሳጥረዋል። በጣም አትጠጉ። ከአንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ በዙም ብታነሱ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ከጠርዙ ጋር ሲነጻጸር አላግባብ አያንስም። የፍላሹ ብርሃን ነጭ ፕላስቲክ ላይ ካንጸባረቀ ብረቶቹ ስለማይታዩ ፍላሹን አጥፉና በመስኮት ብርሃን አንሱ።

ከዚያ መለኪያ የሚሆን ነገር ከሶኬቱ ጎን ያዙ። ሳንቲም አትጠቀሙ፤ ቀዳዳ አጠገብ ብረት ማስጠጋት አይገባም። የኤቲኤም ካርድ ጥሩ ነው፤ ረጅሙ ጎኑ የትም አገር 85.6 ሚሊሜትር ነው። ካርዱን ከቀዳዳው ራቅ አድርጋችሁ ከሶኬቱ ክፈፍ ጎን ግድግዳው ላይ ደግፉት።

የእቃ ወንዴ ከሆነ የምትልኩት ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል። አንዱ እግሮቹ ወደ ካሜራው ሆነው፣ ሁለተኛው ከጎን። ከጎን ያልተነሳ ወንዴ ግማሽ መልስ ነው። ለምን እንደሆነ የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ አለ።

ሁለት ክብ እግር ያላቸው ሁሉ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ክብ ሁለት እግር ያለው ወንዴ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሆኖ እጃችሁ ይገባል።

የመጀመሪያው የስልክ ቻርጀሩና የሬዲዮው ቀጭን ወንዴ ነው፤ ሲ ማለት ነው። እግሩ 4 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ከሥሩ እስከ ግማሹ ድረስ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ብረቱ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። ይህ ሽፋን የኖረው ወንዴው ልሙጥ ሶኬት ላይ ግማሽ ድረስ ሲገባ ጣት ብረቱን እንዳይነካ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሁለቱ እግሮች ወደ ጫፋቸው ትንሽ ይቀራረባሉ። የተበላሸ ወንዴ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ሰፋ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ እንደ ስፕሪንግ ተወጥሮ እንዲይዝ ነው። የሚችለው እስከ 2.5 አምፒር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክብና ወፍራም አካል ያለው ነው። እግሩ 4.8 ሚሊሜትር ነው፤ እስከ ሥሩ ድረስ ባዶ ብረት ነው። ከጎን ስታዩት ሁለት የብረት ንጣፎች ተለጥፈውበታል። ፊቱ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ። ይህ ቀዳዳ ለፈረንሳዩ ሶኬት ነው፤ የፈረንሳዩ ሶኬት፣ ኢ የሚባለው፣ ግራውንዱ ከራሱ ከሶኬቱ የሚወጣ አንድ ብረት ነው። አንዱ ወንዴ ለጀርመኑም ለፈረንሳዩም እንዲሆን ሁለቱንም መንገድ ይዞ ተሠራ። እስከ 16 አምፒር ይችላል። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ካውያ ይህንን ይዘው ይመጣሉ።

ሦስተኛው ሁለተኛውን ይመስላል። አካሉ ክብ ነው፤ እግሩ ወፍራም ነው። ጎኑ ላይ ግን ብረት የለም፤ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የፀጉር ማድረቂያና የቫኪዩም ክሊነር ወንዴ ነው። እነዚህ እቃዎች ውስጣቸው በድርብ መከላከያ ስለተሠራ ግራውንድ አያስፈልጋቸውም። እቃው ጀርባ ላይ ካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ካያችሁ ያ ነው። ከፊት በተነሳ ፎቶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመለየት ይቸግራል። የጎኑን ፎቶ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ሶኬቴ ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር አለው። ምንድን ነው?

ጣሊያን ሠራሹ ኤል ነው። መሃለኛው ቀዳዳ ግራውንድ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ሦስቱም ክብ ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው። መሃለኛው ቀዳዳ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ካለ ግን ኤል አይደለም። የስዊዘርላንዱ ጄ ወይም የብራዚሉ ኤን ነው።

ኤል ሁለት መጠን አለው። ትንሹ 10 አምፒር ሲሆን በዳርና በዳር ቀዳዳዎቹ መሃል 19 ሚሊሜትር ነው። ትልቁ 16 አምፒር ሲሆን ርቀቱ 26 ሚሊሜትር ነው። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የቆየ ቤት የተከራየ አንድ ልጅ «ቻርጀሬ አልገባ አለኝ» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ካርዱን ከጎኑ አድርጎ ስላነሳው በማስመሪያ ለካሁት። ስልኬ ላይ ካርዱ 64 ሚሊሜትር ሆነ። የዳርና የዳር ቀዳዳዎቹ ርቀት ደግሞ 19.5 ሚሊሜትር። 19.5ን ለ64 አካፍዬ በ85.6 ሳባዛው 26 ሆነ። ትልቁ ኤል ነው ማለት ነው። ትንሹ ቢሆን ኖሮ ስልኬ ላይ 14 ሚሊሜትር ገደማ ይሆን ነበር፤ ቻርጀሩም ይገባለት ነበር። ልጁ ፒንሳ ይዞ የቻርጀሩን እግር ሊያጎብጥ አስቦ ነበር። ሶኬቱን በኤፍ ቀየርንለት።

ቀዳዳዎቹ እንደ 8 ቁጥር የተያያዙ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱንም መጠን የሚቀበል ኤል ነው፤ አትጨነቁ።

የሌሎች አገሮችንስ በምን ልለያቸው?

ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ አንዱ ከላይ ቁም፣ ሁለቱ ከታች ጋደም ያሉ ከሆኑ የእንግሊዙ ጂ ነው። ኬንያ፣ ዱባይና ሳዑዲ ይጠቀሙበታል። ሁለት ቀጭን ጠፍጣፋ ቁም ቀዳዳ ኤ ነው፤ ከሥሩ ክብ ግራውንድ ከተጨመረበት ቢ ይባላል፤ የአሜሪካ ናቸው። ሁለቱ ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች ወደ ጎን ከተንጋደዱ የአውስትራሊያና የቻይናው አይ ነው።

ሦስት ክብ ቀዳዳ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ ከተቀመጠ፣ ላይኛውም ከሌሎቹ ከወፈረ፣ የህንዱ ዲ ነው። እሱኑ የሚመስል ግን ተለቅ ያለ ካጋጠማችሁ የደቡብ አፍሪካው ኤም ነው። እነዚህን ሁለቱን ያለ መለኪያ ፎቶ ላይ መለየት ከባድ ነው። በዲ ሁለቱ የታችኛዎቹ መሃል ለመሃል 19 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በኤም 25 ሚሊሜትር።

ለምንድን ነው አገሮች የተለያየ ሶኬት የሚጠቀሙት?

ኤሌክትሪክ ቤት የገባው ለአምፖል ነበር። ሶኬት የሚባል ነገር አልነበረም። በኋላ ካውያና ማራገቢያ ሲመጣ ሰዎች አምፖሉን ፈትተው በአምፖሉ ቦታ ይሰኩ ጀመር። አሜሪካዊው ሃርቬይ ሃብል እ.ኤ.አ. በ1904 የሚነቀልና የሚሰካ ወንዴ የባለቤትነት መብት አወጣ። ያኔ ከአገር አገር እቃ ይዞ የሚዞር ሰው አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ፋብሪካ፣ የመሰለውን ሠራ።

በዚህ ላይ የየአገሩ የራሱ ምክንያት ተጨመረ። ጣሊያንን እንውሰድ። እዚያ ለመብራትና ለኃይል የሚከፈለው ታሪፍ የተለያየ ነበር፤ ቆጣሪውም ለየብቻ ነበር። ምድጃውን በርካሹ መስመር፣ መብራቱን በውዱ መስመር ማለት ነው። እንዳይደባለቅ ሶኬቱም ሁለት ዓይነት ሆነ። ሄርማታ ያለው ልጅ ቻርጀሩ ያልገባለት ከዚያ ታሪክ የተነሳ ነው።

እንግሊዝ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው መዳብ አጥሯት ነበር። ብዙ ቤት መሥራት ነበረባት። በትንሽ መዳብ ብዙ ሶኬት ለመዘርጋት ሽቦውን ቤቱን ዙሮ ወደ ፊውዙ የሚመለስ ቀለበት አደረጉት። ቀለበቱን የሚጠብቀው ፊውዝ 30 አምፒር ነበር። ይህ ለአንድ ቀጭን የመብራት ገመድ እጅግ ብዙ ነው፤ ገመዱ እስኪቃጠል ፊውዙ ላይበጠስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወንዴ የራሱ ትንሽ ፊውዝ ውስጡ እንዲኖረው ተደረገ። የጂ ወንዴ ያን ያህል የገዘፈው ለዚህም ነው። ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ህንድና ደቡብ አፍሪካ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን የእንግሊዝ ክብ እግር ይዘው ቀሩ። የዲ እና የኤም ምንጭ እሱ ነው።

ከጎረቤቶቻችን ጋር ያለን ልዩነትም ከዚሁ ይመጣል። ኬንያ የእንግሊዝን ያዘች። ጅቡቲ ላይ የፈረንሳዩን ታገኛላችሁ። እኛ ጋ የቆየ ቤት ሲፈርስ የጣሊያኑ ይወጣል፤ አዲስ ሲሠራ ኤፍ ይገባል።

ታዲያ አንድ ዓይነት ቢደረግ አይሻልም?

ተሞክሯል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1986 ለሁሉም አገር ይሆናል ያለውን ሶኬት አወጣ። በሰፊው የወሰደችው ብራዚል ናት። ከላይ ኤን ያልኩት ከዚያ የመጣ ነው። ደቡብ አፍሪካም ወደዚያ እየሄደች ነው።

ሌሎቹ ያልወሰዱት ዲዛይኑን ጠልተው አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ያለውን ሶኬት ብቻ ቁጠሩ። ከዚያ በአገሩ ቤት ሁሉ አባዙት፤ የእቃውን ወንዴ ጨምሩበት። በሽግግሩ ዓመታት ሁለቱ ዓይነቶች አንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ያኔ ሰው አዳፕተር በአዳፕተር ላይ ይደራርባል። ለእሳት ከመደራረብ የባሰ ነገር የለም።

ከአረብ አገር የተላከልኝ እቃ ትልልቅ ሦስት እግር አለው። ቆርጬ ልቀይረው?

ጅማ ላይ በጣም የምጠየቀው ይህን ነው። ልጅ ወይም እህት ከዱባይ ወይም ከጅዳ ማይክሮዌቭ ትልካለች፤ ወንዴው ጂ ነው። መቀየር ይቻላል። ግን በሁለት እግር ቀጭን ወንዴ አትቀይሩት። ጎኑ ላይ የግራውንድ ብረት ባለው በኤፍ ወንዴ ቀይሩት። ቡናማው ሽቦ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ ነው፤ ሰማያዊው የሚመልሰው ኒውትራል ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ግራውንድ ነው። አረንጓዴ ቢጫው ከመሃለኛው የግራውንድ ብሎን ጋር ይታሰራል። «ሁለቱ ከሠራ ምን አገባኝ» ብሎ አጥፎ በፕላስተር የሚጠቀልለው ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ይህን ሲያደርግ ካያችሁ አስቁሙት።

ግራውንዱን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡት። ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እሱ እንዲሆን ነው። ገመዱን የሚጨብጠውን የፕላስቲክ ማሰሪያ ማጥበቅ እንዳትረሱ።

ሁለት እግር ያለው ወንዴ ወደ ጂ ሶኬት ወይም ዲቫይደር እንዲገባ ላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ብጫነውስ?

ይገባል፤ ግን አታድርጉት። የጂ ሶኬት ሁለቱ የታችኛው ቀዳዳዎች በመዝጊያ የተሸፈኑ ናቸው። መዝጊያውን የሚከፍተው ከሌሎቹ ረዘም ያለው ላይኛው እግር ነው። ሕጻን ሚስማር እንዳይከትበት የተሠራ ነው። በእስክሪብቶ ስትከፍቱት ይህን ጥበቃ ታነሳላችሁ። ክብ እግርም ለጠፍጣፋ በተሠራ መያዣ ውስጥ በአንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚነካው። መያዣውን ያሰፋዋል፤ ይሞቃል። በኋላ ትክክለኛው ወንዴ ሲገባ ልል ሆኖ ይቀራል።

ሁሉንም ዓይነት የሚቀበል ዲቫይደር ገዛሁ። ማይክሮዌቩ ይነዝረኛል። ለምን?

አንዲት ጎረቤቴ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ሄጄ አየሁት። ዲቫይደሩ ጠፍጣፋውንም ክቡንም የሚቀበል፣ ቀዳዳው የተዥጎረጎረ ነው። ማይክሮዌቩ ባለሁለት ብረት የኤፍ ወንዴ አለው። ጥሩ ወንዴ ነው፤ ገብቷልም፤ ይሠራልም። ነገር ግን ወንዴውን ግማሽ ድረስ ነቀል አድርጌ ጎኑን አሳየኋት። የግራውንዱ ብረት አየር ላይ ነው። ዲቫይደሩ ፊቱ ልሙጥ ነው፤ ጎን ላይ የሚነካ ብረት የለውም። ግራውንዱ መሃል ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ ውስጥ ነው የተቀመጠው። የኤፍ ወንዴ ደግሞ ሦስተኛ እግር የለውም። ሁለቱ ግራውንዶች በጭራሽ አይገናኙም።

ነዘራው የመጣው ከዚህ ነው። ማይክሮዌቭ፣ ኮምፒውተርና የመሳሰሉት ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ከፌዙም ከኒውትራሉም ወደ ብረት አካሉ የተያያዙ ናቸው። ግራውንድ ሲኖር የሚያሾልኩት ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል። ግራውንድ ከሌለ አካሉ በሁለቱ መሃል ይንሳፈፋል፤ 110 ቮልት አካባቢ ማለት ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድልም። አደጋው ሌላ ነው። ነገ ውስጡ ያለ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ ሙሉው 220 ቮልት አካሉ ላይ ይሆናል፤ ብሬከሩም አይወድቅም። የነዘረው እቃ መንገዱ ዝግ መሆኑን እየነገራችሁ ነው።

ማይክሮዌቩን ግድግዳው ላይ ካለው የኤፍ ሶኬት ጋር አገናኘነው። ነዘራው ወዲያው ቆመ። ዲቫይደር ስትገዙ እያንዳንዱ ቦታ ጎድጓዳና ባለሁለት ብረት መሆኑን እዩ። ሻጩ በፎቶ ካሳያችሁ ፎቶውን አጉልታችሁ ጠርዙን ፈልጉ። «ሁሉንም ይቀበላል» የሚለው ቃል ለቀዳዳው እውነት ነው፤ ለግራውንዱ ግን አይደለም።

ከገባ ቮልቱም ይስማማል ማለት ነው?

አይደለም። የሶኬት ቅርጽ ስለ ቮልት እርግጠኛ ነገር አይናገርም። እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ እቃ ለ120 ቮልት ነው የተሠራው። የሁለት ብር አዳፕተር እግሩን ይቀይረዋል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም። እቃው ጭሶ ይሞታል።

መልሱ ያለው እቃው ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ፎቶ አንሱ። እንደዚህ ከተጻፈበት የትም ይሠራል፦

```
INPUT: 100-240V~ 50/60Hz
```

አንድ የሚያታልል ጉዳይ አለ። ዱባይም ሳዑዲም ጂ ነው የሚጠቀሙት፤ ቮልታቸውም ከእኛ ጋር ይቀራረባል። ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ነው። ጂ እግር ያለው የሳዑዲ ማይክሮዌቭ ለ60 ብቻ ከተሠራ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ከልክ በላይ ይግላል። ለቻርጀርና ለካውያ ለውጥ የለውም። ለማይክሮዌቭና ሞተር ላለው እቃ ግን ጽሑፉ ላይ 50 የሚል ቁጥር መኖሩን ሳታዩ አትሰኩ።

ፎቶው ላይ ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ሆኗል። ቆሻሻ ነው?

ቆሻሻ አይደለም፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ተጠብሷል። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የጠቆረው በዚያ በኩል ያለው መያዣ ልል ነው፤ ወይም ከጀርባ ያለው ብሎን ላልቷል። ጅማ ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ብረቱም ዝገት ይይዛል፤ ሙቀቱ ይብሳል።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምጣድ ነው። 3500 ዋት ምጣድ 16 አምፒር ያህል ይስባል። ለኤፍ የተፈቀደው ጣሪያ ይኸው ነው፤ እንጀራው እስኪያልቅም ሳያቋርጥ ይሄዳል። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው። የጠቆረ ሶኬት አይጸዳም፤ ይቀየራል።

ፎቶው ላይ የግራውንድ ብረት አለ። ግራውንድ አለኝ ማለት ነው?

ይህን ፎቶ አይነግራችሁም። ብረቶቹ ከፊት አሉ፤ ከጀርባቸው ሽቦ መታሰሩ ግን አይታይም። ጅማ ውስጥ የከፈትኳቸው ብዙ ሶኬቶች ብረት እንጂ ሽቦ የላቸውም። ጫፉ የሚበራው የቴስተር ካቻቪቴ ፌዙን እንጂ ግራውንዱን አያሳይም።

ባለሙያ በመልቲሜትር በፌዙና በጎን ብረቱ መሃል ይለካል። 220 አካባቢ ካላሳየ ሽቦው የለም፤ ወይም ተበጥሷል። 220 ቢያሳይም ገና አልተጨረሰም። አንዳንድ ሠራተኛ ከመሬት ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከጎን ብረቱ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። መለኪያው ያኔም 220 ይላል። ኒውትራሉ ከቆጣሪው በኩል አንድ ቀን ከተበጠሰ ግን የእቃው ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ስለዚህ ብሬከሩን አስጠፉ፤ ሶኬቱን አስፈቱ። የጎን ብረቱ ላይ የታሰረው ሽቦ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ለብቻው ወደ ግድግዳው መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ያንን ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ እመልስላችኋለሁ።